ፒ-ቫልዩ የገባውን ተማሪ ከሸመደደው የሚለዩ የፕረዘንቴሽን ጥያቄዎች

ተማሪዋ የመጨረሻውን ስላይድ አሳየች። «ፒ-ቫልዩው 0.04 ስለሆነ ልዩነቱ ሲግኒፊካንት ነው» አለች። ፒ-ቫልዩ ምን እንደሆነ ስጠይቃት የመማሪያ መጽሐፉን ትርጉም በእንግሊዝኛ አንድም ቃል ሳታጎድል ተወጣችው። ሙሉ ማርክ ልሰጣት እስክሪብቶዬን አነሳሁና አንድ ነገር ጨመርኩ። «ይሄ 0.04 ግን ከየት መጣ?» ትንሽ አሰበችና «ከኤስፒኤስኤስ» አለች።

ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። እኔ ትርጉም ጠየቅኩ፣ እሷም ትርጉም ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በፕረዘንቴሽን ላይ ትርጉም አልጠይቅም። የምጠይቀው ስላይዱ ላይ ስላለው ቁጥር ነው። አንድ ነገር እቀይርና «አሁንስ ምን ይሆናል?» እላለሁ። ለዚህ ጥያቄ የተሸመደደ መልስ የለም።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላሳይ። ቁጥሮቹን ለማስተማሪያ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ። አንድ የተማሪዎች ቡድን ጤፍን በመስመር መዝራትና በብተና መዝራት አወዳደረ እንበል። 80 ማሳዎች ወስደው በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው፤ 40ው በመስመር፣ 40ው በብተና ተዘራ። በመስመር የተዘራው በአማካይ 16.4 ኩንታል በሄክታር ሰጠ፣ የብተናው 15.0። ልዩነቱ 1.4 ኩንታል ነው። በሁለቱም በኩል ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ 3 ኩንታል ነው። ፒ-ቫልዩው 0.04፣ የ95 ከመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ደግሞ ከ0.1 እስከ 2.7 ኩንታል ሆነ።

አንድ፦ መጀመሪያ መልሱን ራስዎ ይጻፉ

ከፕረዘንቴሽኑ አንድ ቀን በፊት ስላይዱን ይቀበሉ። አምስት ቁጥሮች ይፈልጉበት፦ የናሙናው ብዛት፣ የአማካዮቹ ልዩነት፣ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ፣ ፒ-ቫልዩውና ኢንተርቫሉ። ከዚያ ሊጠይቁ ያሰቡትን ጥያቄ ጽፈው መልሱንም በራስዎ ቃል ከሥሩ ይጻፉ።

ይህን ደረጃ መዝለል አደገኛ ነው። ሃለር እና ክራውስ የተባሉ ተመራማሪዎች በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ለሥነ ልቦና ተማሪዎችና መምህራን ስለ አንድ የሲግኒፊካንስ ቴስት ውጤት ስድስት አባባሎች አቅርበውላቸው ነበር። ስድስቱም የተሳሳቱ ነበሩ። ጥናቱ በ2002 ሲወጣ ከተማሪዎቹ ሁሉም ቢያንስ አንዱን የተሳሳተ አባባል ተቀብለው ተገኙ። ስታቲስቲክስ ከሚያስተምሩት መምህራን ደግሞ 80 ከመቶዎቹ እንዲሁ ተሳስተው ነበር። ስለዚህ የተሳሳተ መልስ ሰምተን ራሳችንን በአዎንታ ልንነቀንቅ የምንችል እኛው መምህራን ነን።

ሁለት፦ በወረቀት ቁራጭ ይጀምሩ

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን። «ኮምፒውተር የለም እንበል። የ80ውን ማሳ ምርት በ80 ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩላችሁ። በእነዚህ ወረቀቶች ብቻ 0.04 የሚለውን ቁጥር እንዴት ታገኙታላችሁ?»

የገባው ተማሪ ትንሽ ቢንተፋተፍም እዚህ መድረሱ አይቀርም፦ «አዘራሩ ምንም ለውጥ አያመጣም ብለን እንነሳለን። እንደዚያ ከሆነ በመስመርም ተዘራ በብተና፣ ማሳው የሚሰጠው ያንኑ ምርት ነው። ስለዚህ ወረቀቶቹን በውዘን በዘፈቀደ 40 እና 40 እናደርጋለን። የሁለቱን ክምር አማካይ ልዩነት እንጽፋለን። እንደገና እንበውዛለን። ሺህ ጊዜ ብንደጋግመው፣ ልዩነቱ በየትኛውም አቅጣጫ 1.4 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው 40 ጊዜ ገደማ ነው።»

ይህን የተናገረ ተማሪ ፒ-ቫልዩ ገብቶታል። ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ባይችለውም ገብቶታል። እዚህ መልስ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ያዳምጡ። «ለውጥ የለም» ከሚል ግምት መነሳቱን፣ ደጋግሞ መበወዙን፣ «ወይም ከዚያ በላይ» ማለቱን። ሦስተኛውን የሚረሱት ብዙዎች ናቸው። «ልክ 1.4 የሚሆነው ስንት ጊዜ ነው» ካለ ቀስ ብለው «1.9 ቢወጣስ፣ ትቆጥሩታላችሁ?» ብለው ይጠይቁት። ብዙውን ጊዜ ራሱ ያርመዋል።

የሸመደደው ግን እዚህ ይቆማል። ወይም ደግሞ «ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ የመሆን ዕድሉ 4 ከመቶ ነው» ይላል። ይህች ዓረፍተ ነገር ትክክል ስለምትመስል ብዙ መምህር ያልፋታል። ነገር ግን ወረቀቱን የበወዝነው ልዩነቱ ሁሉ ከአጋጣሚ የመጣ ነው ብለን ገምተን ነው። አንዴ የገመትነውን ነገር መልሰን «ዕድሉ 4 ከመቶ ነው» ልንል አንችልም። ይህ ስህተት ከተሰማ ቀጣዩ ጥያቄ ለእሱ የተዘጋጀ ነው።

ሦስት፦ የቀይ ጆንያው ጥያቄ

«ሌላ ቡድን አለ እንበል። ዘሩ ከመዘራቱ በፊት አንድ ሌሊት በቀይ ጆንያ ቢያድር ምርት ይጨምራል ወይ ብሎ ፈተነ። እሱም በ80 ማሳ ሞክሮ ፒ-ቫልዩው 0.04 ወጣለት። ሁለቱን ግኝቶች እኩል ታምኗቸዋላችሁ?»

እዚህ ጋ ክፍሉ ይነቃቃል። አንዳንዱ «ቁጥሩ አንድ ነው፣ እኩል ነው» ይላል። ይህ ተማሪ ፒ-ቫልዩን «ሐሳቡ ስህተት የመሆኑ ዕድል» አድርጎ ነው የያዘው። ሌላው «አይ፣ የጆንያው ነገር አይመስለኝም» ይላል፣ ግን ለምን እንደሆነ መናገር ያቅተዋል። ያኔ ወደ ወረቀቶቹ ይመልሱት። «ስትበውዙ ወረቀቶቹ ስለ ጆንያ የሚያውቁት ነገር አለ?» የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ምርት ብቻ ነው። በመስመር መዝራት ለቡቃያው በቂ ቦታ ይሰጣል፣ ለማረምም ይመቻል፤ የጆንያ ቀለም ግን ከምርት ጋር የሚያገናኘው ምንም የታወቀ ነገር የለም። ይህ እውቀት ከፒ-ቫልዩው ውጭ የሚመጣ ነው። ፒ-ቫልዩው አዘራሩ ለውጥ የማያመጣበትን ዓለም ወስዶ ዳታው እዚያ ምን ያህል እንግዳ እንደሚሆን ይነግረናል። የምንኖርበት ዓለም እንደዚያ ይሁን አይሁን ግን አይነግረንም።

የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር በ2016 ስለ ፒ-ቫልዩ ባወጣው መግለጫ ይህንኑ አስቀምጧል። ፒ-ቫልዩ ሐሳቡ እውነት የመሆኑን ዕድል አይለካም፣ ዳታው በአጋጣሚ ብቻ የመጣ የመሆኑንም ዕድል አይለካም ይላል።

ቡድኑ በደንብ ከመለሰ አንድ ነገር ይጨምሩ። «የጆንያው ቡድን ከቀይ በፊት 19 ሌሎች ቀለሞችን ሞክሮ እንደነበር ብትሰሙስ?» ቀለም ምንም ለውጥ ባያመጣም፣ 20 የተለያዩ ሙከራዎች ተደርገው ቢያንስ በአንዱ ፒ-ቫልዩ ከ0.05 በታች የመውጣቱ ዕድል 64 ከመቶ ነው። ተማሪው ቁጥሩን ማስላት አይጠበቅበትም። «ስንት ነገር ለክታችሁ ነበር?» ብሎ መልሶ መጠየቅ እንዳለበት ካወቀ ይበቃል።

አራት፦ «በሚቀጥለው ዓመት ብትደግሙትስ?»

«ይህንኑ ጥናት በሌሎች 80 ማሳዎች ብትደግሙት ፒ-ቫልዩው ስንት ይሆናል?»

«ያው 0.04 አካባቢ» የሚል መልስ ይጠብቁ። በጣም የተለመደ ነው። እውነቱ ግን እንዲህ ነው፦ እውነተኛው ልዩነት በትክክል 1.4 ኩንታል ቢሆንና ጥናቱ ብዙ ጊዜ ቢደገም፣ በግማሽ ገደማ ጊዜ ፒ-ቫልዩው ከ0.05 በላይ ይወጣል። ልዩነቱ እውነት ሆኖ እያለ ማለት ነው! ይህን በቃል ማስረዳት ይከብዳል፣ ማሳየት ግን ቀላል ነው። ፕሮጀክተሩ ክፍት ከሆነ ይህችን አጭር ኮድ ያስኪዱ፦

```python
import numpy as np
from scipy import stats

rng = np.random.default_rng()
for i in range(10):
    a = rng.normal(16.4, 3, 40)
    b = rng.normal(15.0, 3, 40)
    print(round(stats.ttest_ind(a, b).pvalue, 3))
```

አሥር ፒ-ቫልዩ ይወጣል። አንዱ 0.001፣ ሌላው 0.3 ቢሆን አይገርምም። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ግምታቸውን ይጻፉ፣ ከዚያ ኮዱ ይሂድ። ሳይገምቱ ያዩት ነገር ቶሎ ይረሳል። ከዚህ በኋላ «0.049 ያገኘውና 0.051 ያገኘው ቡድን የተለያየ ነገር አገኙ?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ ከራሳቸው ይመጣል።

አምስት፦ ወደ ኢንተርቫሉ፣ በገበሬው በኩል

ስለ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ሁለት የተለያዩ ስህተቶች አሉ። ሁለቱን ለየብቻ መጠየቅ ይሻላል።

የመጀመሪያው ስህተት ኢንተርቫሉን ስለ እያንዳንዱ ማሳ የሚናገር አድርጎ መያዝ ነው። ለዚህ የሚሆነው ጥያቄ ይህ ነው። «አንድ ገበሬ አጠገብ ለአጠገብ ካሉት ሁለት ማሳዎቹ አንዱን በመስመር፣ አንዱን በብተና ሊዘራ ነው። በእናንተ ኢንተርቫል መሠረት የመስመሩ ማሳ ከ0.1 እስከ 2.7 ኩንታል ብልጫ ይኖረዋል ብላችሁ ትነግሩታላችሁ?»

አይነገረውም። ኢንተርቫሉ የሚናገረው ስለ አማካይ ልዩነት ነው። ነጠላ ማሳ ግን እንደ አፈሩ፣ እንደ አረሙ፣ እንደ ውሃ አያያዙ ከማሳ ማሳ በ3 ኩንታል ስታንዳርድ ዴቪየሽን ይለያያል። ምርቱ የተለመደውን የደወል ቅርጽ ከያዘና በነዚሁ ቁጥሮች ከሄድን፣ ከ100 ጥንድ ማሳዎች በ37ቱ ገደማ የብተናው ማሳ ይበልጣል። ተማሪው 37 እንዲል አይጠበቅም። «ብተናው የሚበልጥበት ብዙ ጊዜ ሊኖር ይችላል» ካለና ስታንዳርድ ዴቪየሽኑን ከጠቆመ ገብቶታል።

ሁለተኛው ስህተት 95 ከመቶው የምን እንደሆነ አለማወቅ ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ጥያቄ እዚህ ጋ ነው። «ክፍሉ ውስጥ 20 ቡድን አለ እንበል። ሁሉም ከዚሁ አካባቢ የየራሱን 80 ማሳ ወስዶ ይህንኑ ጥናት ሠራ፣ የየራሱን የ95 ከመቶ ኢንተርቫል አወጣ። ከቡድን ቡድን የሚለያየው ምንድን ነው? የማይለያየውስ?»

የሚለያየው ኢንተርቫሉ ነው። አንዱ ከ0.1 እስከ 2.7፣ ሌላው ከ0.8 እስከ 3.4፣ ሌላው ከዜሮ በታች የሚጀምር ሊያገኝ ይችላል። የማይለያየው እውነተኛው አማካይ ልዩነት ነው፤ እሱ አንድ ቁጥር ነው፣ እኛ ግን አናውቀውም። ከ20ዎቹ ኢንተርቫሎች በአማካይ 19ኙ ያንን ቁጥር ይይዛሉ። የትኛው ቡድን እንደሳተ ግን ማንም አያውቅም። የእኛ ቡድንም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ 95 ከመቶው የዘዴው መለኪያ ነው እንጂ የዚህች የ0.1 እስከ 2.7 መለኪያ አይደለም። ጄርዚ ኔይማን ይህን ዘዴ በ1937 ሲያቀርብ የሰጠው ትርጓሜ ይኸው ነበር። ተማሪዎች «እውነተኛው ልዩነት በዚህ ውስጥ የመሆኑ ዕድል 95 ከመቶ ነው» ሲሉ ኮስተር ብሎ ማረም አያስፈልግም። «ታዲያ ያ ሁለተኛው ቡድንም በራሱ ኢንተርቫል 95 ከመቶ፣ ሦስተኛውም በራሱ 95 ከመቶ ይበል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አንድ ቁጥር በተለያዩ ቦታዎች ሁሉ 95 ከመቶ ሊሆን እንደማይችል ሲያዩ ፊታቸው ላይ ይታያል።

ስድስት፦ ተመሳሳይ ልዩነት፣ ተቃራኒ ስላይድ

ፒ-ቫልዩንና ኢንተርቫልን አንድ ላይ የሚፈትነው ጥያቄ ይህ ነው። «ሌላ ቡድን በ20 ማሳ ብቻ ሠራ፣ 10 በ10። እነሱም ልዩነቱ 1.4 ኩንታል ሆኖ ወጣላቸው። ፒ-ቫልዩው ግን 0.31 ነው። ስላይዳቸው ላይ 'በመስመር መዝራት ለውጥ አያመጣም' ብለው ጻፉ። ከእናንተ ግኝት ጋር ይጋጫሉ?»

ተማሪው ኢንተርቫላቸውን ከጠየቀዎት ደስ ይበልዎት። መልሱ ከ1.4 ኩንታል ጉድለት እስከ 4.2 ኩንታል ብልጫ ነው። የትልቁ ቡድን ኢንተርቫል በሙሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አይጋጩም። ትንሹ ጥናት «ለውጥ የለም» አላለም፤ «በዚህ ናሙና መለየት አልቻልኩም» ነው ያለው። የ4 ኩንታል ብልጫ እንኳን ከዳታቸው ጋር ይስማማል።

ጊዜ ካለ አንድ አጭር ጥያቄ ያክሉ። «ሳታሰሉ ንገሩኝ፣ የእናንተ የ99 ከመቶ ኢንተርቫል ዜሮን ይይዛል?» ይይዛል፣ ምክንያቱም ፒ-ቫልዩው 0.04 ከ0.01 ይበልጣል። ይህችን የመለሰ ተማሪ ሁለቱ ነገሮች አንድ ሒሳብ መሆናቸውን አውቋል።

ሰባት፦ «ጉልህ» የምትለዋ ቃል

በአማርኛ ሲግኒፊካንት የሚለውን «ጉልህ» ብለን እንተረጉመዋለን። ጉልህ ማለት ደግሞ ለሰው ጆሮ ትልቅ፣ ከሩቅ የሚታይ ማለት ነው። ስለዚህ «ጉልህ ልዩነት ተገኘ» የሚለው ስላይድ ራሱን ተማሪውን ያሳስተዋል። ጥያቄው ይህ ነው። «በመስመር መዝራት ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ገበሬው ወጪውን ለመመለስ ቢያንስ 1 ኩንታል ብልጫ ያስፈልገዋል እንበል። ከእናንተ ውጤት ተነስታችሁ ዝራ ትሉታላችሁ?»

«ፒ-ቫልዩው ከ0.05 በታች ስለሆነ ይዝራ» ካሉ፣ ጥያቄው ገና አልተነካም። 0.04 ስለ 1 ኩንታል የሚያወራው ነገር የለም፤ ያነጻጸረው ከዜሮ ጋር ነው። መልሱ ያለው ኢንተርቫሉ ውስጥ ነው። 0.1 ኩንታል ማለት 10 ኪሎ ነው፣ ያ ለገበሬው ኪሳራ ነው። 2.7 ኩንታል ግን ጥሩ ትርፍ ነው። ዳታው ሁለቱንም ይፈቅዳል። ሐቀኛው መልስ «ምርት የሚጨምር ይመስላል፣ ወጪውን መመለሱን ግን ከዚህ ጥናት ማረጋገጥ አንችልም» የሚል ነው።

አንድ ፈጣን ጥያቄ ደግሞ በዕጣው ላይ። «ማሳዎቹ በዕጣ ባይመደቡና በመስመር የዘሩት ቀድሞውኑ ማዳበሪያ በደንብ የሚጠቀሙ ገበሬዎች ቢሆኑ፣ 0.04 ይህን ይነግራችኋል?» አይነግርም። ኢንተርቫሉም አይነግርም።

መልሱን ስለ ማዳመጥና ማርክ ስለ መስጠት

ሁሉንም ጥያቄዎች ለአንድ ቡድን አይጠይቁ። አሥር ደቂቃ ካለ ሦስት ይበቃል። የወረቀቱን ለሁሉም፣ ከዚያ ከሃያው ቡድንና ከትንሹ ጥናት አንዱን፣ በመጨረሻ የገበሬውን ውሳኔ። ቁጥሮቹን ለእያንዳንዱ ቡድን በራሱ ስላይድ ይቀይሩ። ያለበለዚያ ሁለተኛው ቡድን የመጀመሪያውን መልስ ሸምድዶ ይመጣል፣ እኛም ወደ ተነሳንበት እንመለሳለን።

ጥያቄውን ለአቅራቢው ብቻ አይስጡ። ስታቲስቲክሱን የሠራው አንድ ልጅ፣ ሌሎቹ መግቢያና ስላይድ የሠሩ መሆናቸው የተለመደ ነው። «ይሄን አንቺ ሞክሪው» ብለው ዝም ያለችውን ይጠይቁ፣ ለማሰብም አንድ ሙሉ ደቂቃ ይስጧት። ዝምታው ለጠያቂውም ይከብዳል፣ ቢሆንም ቶሎ አይርዷት።

በአማርኛ ወይም በሚቀናቸው ቋንቋ እንዲመልሱም ይፍቀዱ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትርጉሙም የሚሸመደደው በእንግሊዝኛ ነው። ወደ አማርኛ ሲመጡ የተሸመደደው ዓረፍተ ነገር አብሮ አይመጣም፤ የሚመጣው የገባቸው ነገር ነው። ቃል አጥሮት ንግግሩ የተሰባበረ፣ እንግሊዝኛው ግን አቀላጥፎ የሚወርድ ተማሪ ካጋጠመዎት ያንን ልዩነት ልብ ይበሉ።

ማርኩን እኔ የምሰጠው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው መልስ ትክክል ከሆነ ግማሽ። ሌላው ግማሽ የሚሰጠው አንድ ነገር ቀይሬ ስጠይቅ ነው፦ ማሳዎቹ አራት እጥፍ ቢሆኑና ልዩነቱ ያው 1.4 ቢወጣ ኢንተርቫሉ ምን ይሆናል? ስፋቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ከ0.7 እስከ 2.1 ገደማ ይሆናል። ተማሪው «ይጠባል፣ ፒ-ቫልዩውም ያንሳል፤ ልዩነቱ ግን አልጨመረም» ካለኝ፣ የመጀመሪያው መልሱ ላይ የተንተፋተፈ ቢሆን እንኳን ሙሉውን እሰጠዋለሁ።